ክሬቲን ከነጣሳው

ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ ከምንለው የሐበሻ ገበያ ወደ ምሥራቅ ትንሽ የተራመደ ሰው ዱርንፎንቴን ይደርሳል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የራግቢ የዓለም ዋንጫን ያነሳችበት ኤሊስ ፓርክ እዚያ ነው። አጠገቡ የ1999ኙ የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች አትሌቲክስ የተካሄደበት የጆሃንስበርግ ስታዲየም አለ። ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ማለዳ የሚሮጡ፣ ማታ ጂም ገብተው ብረት የሚያነሱ የሐበሻ ልጆች በዚህ አካባቢ አይጠፉም። አብዛኞቹ ክሬቲን ይጠቀማሉ፤ አገር ቤት ሲሄዱም ይዘውት መሄድ ይፈልጋሉ።

ነገሩን በአንድ ሰው እንየው። 400 ሜትር የሚሮጥ ልጅ ነው እንበል። በክለብ ተመዝግቧል፤ በየቀኑ 5 ግራም ክሬቲን ይወስዳል፤ ቤቱ ግማሽ የደረሰ ባለ 300 ግራም ጣሳ አለው። ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ሄዶ ውድድር ሊሮጥ ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉበት። አንደኛው ዱቄቱ ድንበር ያልፋል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከውድድሩ በኋላ ሽንት ስጥ ቢባል ምን ይገኝብኛል የሚል ነው። ሰዎች የመጀመሪያውን አብዝተው ይፈሩታል፤ ሁለተኛውን ግን «ክሬቲን እኮ አልተከለከለም» ብለው ያልፉታል። በእኔ እምነት ፍርሃቱ ቦታ ተለዋውጧል።

ክሬቲን እንዳልተከለከለ እውነት ነው። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ከሥጋና ከዓሣም እናገኘዋለን። አብዛኛው በጡንቻ ውስጥ ይከማቻል፤ ለጥቂት ሴኮንዶች በሙሉ ኃይል ስንሠራ የተሟጠጠውን ጉልበት ቶሎ ይተካል። ለዚህ ነው አጭር ርቀት ሯጭ፣ ክብደት አንሺና የራግቢ ተጫዋች የሚወዱት። ማራቶን ሯጭ ግን ብዙም አያተርፍበትም፤ ጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ እንዲያውም አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምርበት ይችላል። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ዋዳ፣ በየዓመቱ በሚያወጣው የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ክሬቲን የለም።

ከሻንጣው በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ለሁለት ሳምንት ክሬቲን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል ወይ? በአብዛኛው አያስፈልግም። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ሲወስድ የቆየ ሰው ጡንቻው ሞልቷል፤ ቢያቆም የተከማቸው ወደ ቀድሞው መጠን የሚመለሰው ቀስ ብሎ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጎድለው ሩጫ ላይ ልዩነት አለው ለማለት የሚያስቸግር ነው። የእኛ ልጅ ጣሳውን ቤቱ ጥሎ ቢሄድ የቦሌው ጥያቄ ከናካቴው አይነሳም፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ምክር ብዙ ሰው አይወደውም። አንድ ቀን የዘለለ ሁሉ ሰውነቱ የሚፈርስ ይመስለዋል። ጉዞው ሁለት ወር ከሆነ ወይም ልምምዱ እዚያው አገር ቤት የሚቀጥል ከሆነ ግን መያዙ ትርጉም አለው።

ይዞ የሚሄድ ከሆነ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ገና ቤት ውስጥ ነው። ጣሳው ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ለአሥራ አራት ቀን የሚበቃውን 70 ግራም በፌስታል ወይም በሳንድዊች ላስቲክ ቋጥሮ ካልሲ ውስጥ ይወሽቀዋል። ያንን ቋጠሮ ኦ.አር. ታምቦ ላይ ያለው መርማሪ እንዴት እንደሚያየው ማሰብ ነው። በሻንጣ መፈተሻ ማሽኑ ስክሪን ላይ ብረት በሰማያዊ ይታያል፤ ምግብ፣ ወረቀት፣ ሳሙና፣ ዱቄት የመሳሰሉት በብርቱካናማ ይታያሉ። ብዙ ፈንጂዎችም የሚታዩት በዚሁ ቀለም ነው። ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ የዱቄት ቋጠሮ ሲያጋጥመው ሻንጣውን መክፈቱ አይቀርም። ሲከፍተው ደግሞ ስም የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ በካልሲ የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት ያገኛል። ከዚያ በኋላ «ክሬቲን ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ መገመት አያቅትም። ኋላ ላይ እውነቱ መረጋገጡ አይቀርም፤ ያኔ ግን አውሮፕላኑ ሄዷል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዱቄቱ ከነጣሳው፣ ሌብሉ ሳይላጥ፣ ከተቻለ ከነደረሰኙ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። ያልተከፈተ ትንሽ ጣሳ መግዛት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ማሸጊያው ያልተነካ ዕቃ ራሱ ምስክር ነው። በእጅ ሻንጣ መያዝ ግድ ከሆነ ለብቻው አውጥቶ ለማሳየት ዝግጁ መሆን ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ወደ ዋሽንግተን የሚበር ሰው በተለይ ይህን ይወቅ፤ ከ2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚገቡ በረራዎች ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ የማይተናነስ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዘ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ካልተጣራ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። በውኃ በጥብጦ መያዝም አያዋጣም። ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ክሬቲን ደግሞ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ጥቅም ወደሌለው ክሬያቲኒን ይለወጣልና መበጥበጥ ያለበት ሊጠጡት ሲሉ ነው።

ጉምሩክ ጋ ያለው ጉዳይ የብዛት ነው። አንድ የተከፈተ ጣሳ የግል መገልገያ መሆኑን ማንም ያያል። ስድስት የታሸጉ ጣሳዎች ግን የሱቅ ዕቃ ይመስላሉ፤ ያኔ ቀረጡም ይመጣል፤ ለሽያጭ የሚገባ ምግብ ነክ ነገር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ የሚል ጥያቄም ይከተላል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመለሱ ለተጓዥ ከቀረጥ ነጻ የሚፈቀደው 5,000 ራንድ ስለሆነ አንድ ጣሳ የሚያሳስብ አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛ ጉዳይ የሆነ አንድ ነገር አለ። ልጁ ሊሄድ መሆኑ ጄፒ ላይ ሲሰማ አደራ መምጣቱ አይቀርም። «ወንድሜ፣ ይቺን ለእህቴ ልጅ አድርስልኝ፤ ቦሌ ጂም ይሠራል፣ የስፖርት ዱቄት ናት» ተብሎ አንድ ጣሳ ይሰጠዋል። አደራ እምቢ ማለት ነውር ነው ብለን አድገናል። ግን ጣሳው ተከፍቶ ከሆነ፣ ወይም ሌብሉ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንድ መሆኑን የሚያውቀው ሰጪው ብቻ ከሆነ፣ ሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂው ሻንጣውን የያዘው ነው። በዚያ ላይ አትሌት ነው። አዲስ አበባ ደርሶ የራሱ ሲያልቅበት ከአደራው ላይ ሁለት ማንኪያ ቢዋስ፣ ምን እንደዋጠ የማያውቀው ያኔ ነው። ጨዋ ሰው የሚቀበለው ያልተከፈተ፣ ከነደረሰኙ የመጣ ጣሳ ብቻ ነው፤ ይህን ለሰጪው በግልጽ መንገር ማስቀየም አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ክሬቲን አልተከለከለም ማለት «ክሬቲን» የሚል የተጻፈበት ጣሳ ሁሉ አልተከለከለም ማለት አይደለም። ክሬቲን የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ከሳርኮሲንና ከሲያናማይድ በኬሚካል ውህደት ነው። ጥሬ ዕቃው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ጣጣው የሚመጣው ከማሸጊያው ፋብሪካ ነው። አንዱ ማሽን ጠዋት የስብ ማቅለጫ ወይም ከልምምድ በፊት የሚወሰድ ማነቃቂያ አሽጎ ከሰዓት ክሬቲን ካሸገ፣ በደንብ ሳይጸዳ የቀረ ዱቄት ወደ ሁለተኛው ይገባል። መጠኑ በዓይን አይታይም፤ ሰውነት ላይም ምንም አያመጣም። የምርመራ ላቦራቶሪ ግን በሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ የአንድ ግራምን ቢሊዮንኛ ክፍልፋይ የሚፈልግ ነው። የጀርመኑ የኮሎኝ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ሰፕልመንቶችን ሲመረምር በ94ቱ፣ ማለትም በመቶ አሥራ አምስት ገደማ በሚሆኑት ውስጥ ሌብላቸው ላይ ያልተጻፈ ከስቴሮይድ ወገን የሆነ ነገር አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ የአሻሻጉ ሁኔታ በብዙ ፋብሪካ ተሻሽሏል፤ ችግሩ ግን አልጠፋም።

ደቡብ አፍሪካ ይህን በራሷ ተጫዋቾች ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 የራግቢ ብሔራዊ ቡድኗ ደብሊን ላይ ከአየርላንድ ጋር ከተጫወተ በኋላ ቺሊቦይ ራሌፔሌ እና ቢዮርን ባሶን የተባሉ ሁለት ተጫዋቾች ናሙና ውስጥ ሜቲልሄክሳንአሚን የተባለ ማነቃቂያ ተገኘ። ምንጩ ከጨዋታ በፊት የተወሰደ ሰፕልመንት ነበር። ከጉብኝቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በጥር 2011 ጉዳዩን ያየው ችሎት ጥፋት የለባቸውም ብሎ ለቀቃቸው። በ2012 ደግሞ የኮምሬድስን ረጅም ሩጫ ያሸነፈው ሉድዊክ ማማቦሎ በዚሁ ንጥረ ነገር ተከሰሰ። በ2013 ነጻ የወጣው በናሙና አሰባሰቡ ላይ ጉድለት ስለተገኘ ነበር። የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሐኪምና ጠበቃ ከጎኑ አለ። ዱርንፎንቴን ላይ በክለብ የሚሮጥ የሐበሻ ልጅ ግን ያለው ጣሳውና ደረሰኙ ነው።

ደንቡ የሚጀምረው ከአንድ መርህ ነው፤ በሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ኃላፊው አንተ ነህ። አስቤ ነው ወይስ ሳላስብ የሚለው የሚነሳው ቅጣቱ ሲመዘን ነው እንጂ ጥፋቱ አለ ወይስ የለም ሲባል አይደለም። ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት ይደርሳል። በ2021 ሥራ ላይ በዋለው የዋዳ ሕግ ውስጥ ግን ለተበከለ ምርት የተከፈተ በር አለ። አትሌቱ የተገኘበት ነገር የመጣው ከተበከለ ምርት መሆኑንና ከባድ ቸልተኝነት እንዳላሳየ ካስረዳ፣ ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ እስከ ሁለት ዓመት ባለው መካከል ሊወሰን ይችላል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው የተበከለ ምርት የሚባለው ምን እንደሆነ ነው። ንጥረ ነገሩ ሌብሉ ላይ ያልተጻፈ፣ በይነ መረብ ላይ በአግባቡ ቢፈለግም የማይገኝ መሆን አለበት። ሌብሉ ላይ በሌላ ስም ተጽፎ ከነበረና አትሌቱ ካላነበበው፣ ይህ በር ለእሱ አይከፈትም።

ስም መለዋወጥ ደግሞ የዚህ ገበያ ልማድ ነው። ያው ሜቲልሄክሳንአሚን ሌብል ላይ DMAA ተብሎ፣ ወይም 1,3-dimethylamylamine ተብሎ፣ አንዳንዴም የጄራኒየም አበባ ውጤት ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ልጁ የሚገዛው ጣሳ ከኋላው የተጻፈው ዝርዝር አጭር መሆን አለበት። «ክሬቲን ሞኖሃይድሬት» ከሚለው በቀር ሌላ ነገር የሌለበት፣ ጣዕም ያልተጨመረበት ከሆነ የሚያነበው አንድ ቃል ብቻ ነው። «የኃይል ውህድ» ተብሎ አሥራ አምስት ነገር የተደረደረበትን፣ የእያንዳንዱን መጠን ሳይገልጽ ድምሩን ብቻ የጻፈውን ዕቃ አትሌት ባይነካው ይሻለዋል። ማነቃቂያዎች የሚከለከሉት በውድድር ጊዜ ነው፤ ውድድሩ ግን የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት 11፡59 በፈረንጅ ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 5፡59 ነው። ማክሰኞ ለልምምድ የጠጣው ቅዳሜ ሽንቱ ውስጥ ቢገኝ «የወሰድኩት ለልምምድ ነው» ማለት አያድነውም።

ሌብል ማንበብ ያልተጻፈውን አያሳይም፤ ያልተጻፈውን የሚያሳየው ላቦራቶሪ ነው። ከአምራቹ ውጭ የሆኑ መርማሪዎች አሉ። በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ገበያ ብዙ የሚታየው ኢንፎርምድ ስፖርት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኤን.ኤስ.ኤፍ. ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት አለ፤ ጀርመን የኮሎኝ ዝርዝር አላት። ሰው የሚሳሳተው ምልክቱን ጣሳው ላይ አይቶ ሲያበቃ ነው። ኢንፎርምድ ስፖርት የሚመረምረው ባቹን፣ ማለትም በአንድ ዙር የታሸገውን ምርት ነው፤ እያንዳንዱ ባች ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይፈተሻል። ኢንፎርምድ ቾይስ የሚባለው የዚያው ድርጅት ሌላ ምልክት ግን ናሙና እየወሰደ እንጂ እያንዳንዱን ባች አይመረምርም። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ሱቅ ውስጥ በቀላሉ ይምታታሉ።

ልጁ ማድረግ ያለበት እንዲህ ነው። ጣሳውን ገልብጦ ከታች ወይም ከጎን በቀለም የተመታውን ባች ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ያነባል። ብዙ ጊዜ ሌብሉ ላይ አይታተምም፤ ለብቻው ይመታል፤ በላብ እጅ ሲሻሽም ይጠፋል። wetestyoutrust.com ላይ ገብቶ የምርቱን ስም ይፈልጋል፤ ከተመረመሩት ባቾች ዝርዝር ውስጥ በእጁ ያለውን ቁጥር ያመሳክራል። ስሙ ኖሮ ቁጥሩ ከሌለ፣ ያ ጣሳ ያልተመረመረ ነው፤ የሱቁ ሰው የቱንም ያህል ቢምል አይለወጥም። ከተገኘ ገጹን ከነቀኑ ስክሪንሾት ያነሳል፤ ጣሳውን ከፊት፣ ከኋላና ባች ቁጥሩ በሚነበብበት በኩል ፎቶ ያነሳል፤ ደረሰኙንም ያስቀምጣል። ግሎባል ዲ.አር.ኦ. የተባለውን ገጽ የሚያውቅ ደግሞ አይሳሳት፤ ያ ገጽ የሚመልሰው ስለ መድኃኒት ነው፤ ሰፕልመንትን አይመለከትም። የደቡብ አፍሪካው ፀረ አበረታች ቅመሞች ተቋም፣ ሳይድስ፣ አቋሙ ግልጽ ነው፤ ሰፕልመንት የሚወስድ አትሌት ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል። የኢትዮጵያው ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንም የሚሠራው በዚያው የዋዳ ሕግ ነው፤ አንዱ አገር የተጣለ እገዳ ሌላው አገር ይከተላል። የባች ምርመራውም ሙሉ ዋስትና አይደለም። ላቦራቶሪው የሚፈልገው በዝርዝሩ የያዛቸውን ነገሮች ነው፤ ዋዳም ለየትኛውም ሰፕልመንት ማረጋገጫ አይሰጥም።

በፌስታል መቋጠር ስህተት የሆነበት ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ጣሳው ጆሃንስበርግ ቀርቶ ዱቄቱ ብቻ ሲሄድ የሚጠፋው ባች ቁጥሩ ነው። ችሎት ፊት ቆሞ «የወሰድኩት የተመረመረ ክሬቲን ነበር» የሚል አትሌት፣ ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ከዚያ ጣሳ መምጣቱን በምን ያስረዳል? ቦሌ ላይ የጉምሩክ ሠራተኛውን ያሳመነው ሌብል፣ ከወራት በኋላም የችሎቱን ዳኞች የሚያሳምነው እሱው ነው።

አዲስ አበባ ደርሶ ቢያልቅበትስ? የመጀመሪያው መልስ ቀደም ብሎ ተሰጥቷል፤ ሳይወስድ ይቆይ። ከጂም ዱቄት ሻጭ በማንኪያ ተመዝኖ የሚሸጠውን መግዛት፣ ወይም የጓደኛን ጣሳ መካፈል፣ እስካሁን የለፋበትን ጥንቃቄ በአንድ ብርጭቆ ይደፋዋል። ያው ኩባንያ፣ ያው ቀለም ያለው ጣሳ ቢያገኝ እንኳ ባቹ ሌላ ነው፤ እንደ አዲስ ዕቃ ቆጥሮ ቁጥሩን ማመሳከር አለበት።

ውድድሩ አልቆ ናሙና ሰብሳቢው ቢጠራው በሚሞላው ቅጽ ላይ ባለፉት ሰባት ቀናት የወሰደውን መድኃኒትና ሰፕልመንት የሚጽፍበት ቦታ አለ። ብዙዎች «ችግር ያመጣብኛል» ብለው ባዶ ይተዉታል። ክሬቲን መጻፍ ምንም አያመጣም፤ መደበቁ ግን በኋላ ነገር ቢመጣ ቃሉን ያሳጣዋል። የምርቱን ሙሉ ስም፣ የኩባንያውን ስምና ባች ቁጥሩን ይጻፍ፤ ስልኩ ላይ ፎቶው ስላለ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የቅጹን ቅጂ ተቀብሎ ያስቀምጥ።

የናሙናው ውጤት ለመምጣት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ናሙናውም እስከ አሥር ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመር ይችላል። አሥር ዓመት ጣሳ አስቀምጡ የሚል የለም። የናሙናው ውጤት ታውቆ እስኪያልፍ ግን ከታች አንድ ሁለት ማንኪያ ዱቄት የቀረበትን ጣሳ በደረቅ ቦታ ክዳኑን ገጥሞ ማኖር ያዋጣል። አቅም ያለው ደግሞ ሲገዛ ከአንድ ባች ሁለት ጣሳ ይወስዳል፤ አንዱን ይጠቀምበታል፤ ሌላው ሳይከፈት ይቀመጣል። ችሎት ላይ ከተከፈተው ይልቅ የሚታመነው ያልተከፈተው ነው፤ የተከፈተውን «አንተ ራስህ የጨመርክበት ነው» ማለት ይቻላልና።